ቅርጸ ብዙ ማሳን በማዕዘን ቁጥሮቹ መለካት

በእናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ በደብረ ወርቅ ዙሪያ፣ አራቱም ጎኑ ቀጥ ያለ ማሳ ማግኘት ይቸግራል። አንዱ ቦይ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ሌላው ለልጆች ሲከፋፈል ጥግ ወጥቶለታል፤ ሌላውን ደግሞ መንገድ ቆርጦታል። እንዲህ ያለውን መሬት ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ መለካት አይሆንም፤ የትኛው ጎን ርዝመት፣ የትኛው ወርድ እንደሚባል መወሰን ራሱ ጭቅጭቅ ነው። የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት ካለ ግን ማባዛት፣ መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ ስፋቱንም ዙሪያውንም በአንድ ገጽ ወረቀት ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልገው ስሌት የጫማ ማሰሪያ ቀመር ይባላል፤ ቁጥሮቹ እንደ ጫማ ክር በሰያፍ እየተሻገሩ ይባዛሉና። ጀርመናዊው የሒሳብ ሰው ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1769 ገልጾታል። ዛሬ የካርታ ሶፍትዌሮች የአንድን ይዞታ ስፋት በካሬ ሜትር ሲያወጡ ከጀርባ የሚሠሩት በዚሁ ስሌት ነው።

ለጎጃም አንባቢ ይህን ማወቅ የሚጠቅምበት የተለየ ምክንያት አለ። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ መሬት የተለካው በአብዛኛው በገመድ ነበር። በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ልኬታ ደግሞ የአየር ፎቶና የሳተላይት መቀበያ ተጠቅሞ የእያንዳንዱን ማሳ ቅርጽ በካርታ ላይ አስቀመጠ። ስለዚህ በደብተሩ አንድ ቁጥር፣ በካርታው ሌላ ቁጥር ያለው ባለይዞታ ያጋጥማል፤ "መሬቴ ተቀነሰ" የሚለውም ጥያቄ ከዚያ ይነሳል። በጎጃም የመሬት ልኬት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሞጣና ቢቸና ድረስ የተነሳውን አመፅ ካባባሱት ነገሮች አንዱ መሬታችን ሊለካብን ነው የሚለው ሥጋት ነበር። ያን ሥጋት የሚያቀልለው ባለመሬቱ ራሱ ስሌቱን ደግሞ መሥራት ሲችል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ንድፍ፣ ከዚያ ቁጥር

ከቁጥር በፊት በማሳው ዙሪያ ይዙሩ። ድንበሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ሁሉ ችካል ይትከሉ፤ አዋሳኞቹም አብረው ቆመው ይመልከቱ። በደብተር ላይ የማሳውን ቅርጽ በእጅ ይሣሉና ማዕዘኖቹን በተርታ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ይሰይሙ። የሚዞሩበት አቅጣጫ የቱም ይሁን፣ ከጀመሩ በኋላ ግን በዚያው መዝለቅ አለብዎት። በኋላ ስሌቱ ሲሳሳት የሚያድንዎት ይህ ንድፍ ስለሆነ "በቃሌ አውቀዋለሁ" ብለው አይለፉት። ድንበሩ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ቀመሩ ከችካል ችካል ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምር ኩርባው ላይ ችካሎችን ማብዛት ያሻል።

ኮኦርዲኔት የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ ወይ በባለሙያ ከተለካ ካርታ፣ ወይ በእጅ ከሚያዝ ጂፒኤስ። በጂፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ የቦታ አጻጻፉን `UTM UPS`፣ የካርታ መነሻውን `WGS 84` ያድርጉት። ጎጃም ያለው በ37ኛው ቀጠና ውስጥ ስለሆነ መሣሪያው እንዲህ ዓይነት ነገር ያሳያል፦

```
37 P 0408812
UTM  1179240
```

የላይኛው ወደ ምሥራቅ፣ የታችኛው ወደ ሰሜን ያለው ርቀት በሜትር ነው። ከዚህ በኋላ የላይኛውን ምሥራቅ፣ የታችኛውን ሰሜን እያልን እንቀጥላለን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአገራችን በብዙ የመሬት ካርታዎች ላይ የሚሠራው መነሻ `WGS 84` ሳይሆን `Adindan` የተባለው ነው። አንዱ ችካል በሁለቱ መነሻዎች ሲጻፍ ቁጥሮቹ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ሁሉም ማዕዘኖች በአንድ መነሻ ከተጻፉ ለስፋቱ ምንም አይደል፤ ማሳው በሙሉ አብሮ ስለተንሸራተተ ቅርጹ አይለወጥም። አራቱን ማዕዘን ከአሮጌ ካርታ፣ ሁለቱን ከጂፒኤስ ቀላቅለው የጻፉ ዕለት ግን ማሳው ወደ ጎረቤት ቀበሌ የተወረወረ ያህል ይለጠጣል።

ስልክዎ የሚሰጥዎ በዲግሪ ብቻ ከሆነ ዲግሪውን በቀጥታ ቀመሩ ውስጥ አይክተቱ። በደብረ ወርቅ አካባቢ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን 110,600 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 109,400 ሜትር ያህል ነው። አንዱን ማዕዘን መነሻ አድርገው ከእሱ ያለውን የዲግሪ ልዩነት በእነዚህ ያባዙ፤ ሜትር ያገኛሉ። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ብቻ የተጻፈ ዲግሪ ግን አይጠቅምም፤ አራተኛው አኃዝ በአንድ ሲለወጥ ችካሉ 11 ሜትር ይርቃል።

ስድስት ማዕዘን ያለው ማሳ

ለማሳያ ባለ ስድስት ማዕዘን ማሳ እንውሰድ። ቁጥሮቹ በደብረ ወርቅ አካባቢ የሚወድቁ ሆነው ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የማንም ይዞታ አይደሉም። ከሰሜን ምዕራቡ ጥግ ተነስተን በሰዓት አቅጣጫ ዞረናል። መ የተባለው ማዕዘን ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ማሳው እዚያ ላይ በቦይ ምክንያት ጎድጉዷል።

```
ማዕዘን   ምሥራቅ    ሰሜን
ሀ       408812   1179240
ለ       408893   1179256
ሐ       408921   1179198
መ       408884   1179171
ሠ       408890   1179130
ረ       408826   1179142
```

እነዚህን ትልልቅ ቁጥሮች እንዳሉ ማባዛት ስህተት መጥራት ነው። አንዱ ብዜት አሥራ ሁለት አኃዝ ይሆናል፤ የሱቅ ካልኩሌተር ወይ አልችልም ይላል ወይ የመጨረሻዎቹን አኃዞች ይጥላል፤ የምንፈልገው ልዩነት ያለው ደግሞ እዚያው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ከምሥራቁ ሁሉ 408800፣ ከሰሜኑ ሁሉ 1179100 እንቀንስ። ማሳውን በሙሉ ስላንሸራተትነው ስፋቱ አይነካም። ከዚያ የመጀመሪያውን ማዕዘን ከታች ደግመን እንጽፋለን፤ ዙሪያው የሚዘጋው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው።

```
ሀ    12   140
ለ    93   156
ሐ   121    98
መ    84    71
ሠ    90    30
ረ    26    42
ሀ    12   140
```

አሁን ክሩን እናስር። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን መስመር ምሥራቅ ከሥሩ ባለው መስመር ሰሜን እናባዛለን፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረድን ማለት ነው። 12 ሲባዛ በ156፣ 1,872 ነው። 93 ሲባዛ በ98፣ 9,114። 121 ሲባዛ በ71፣ 8,591። 84 ሲባዛ በ30፣ 2,520። 90 ሲባዛ በ42፣ 3,780። በመጨረሻ 26 ሲባዛ በ140፣ 3,640። ድምሩ 29,517 ይሆናል።

ቀጥሎ በተቃራኒው ሰያፍ እንሄዳለን፤ የእያንዳንዱን መስመር ሰሜን ከሥሩ ባለው ምሥራቅ። 140 በ93፣ 13,020። 156 በ121፣ 18,876። 98 በ84፣ 8,232። 71 በ90፣ 6,390። 30 በ26፣ 780። 42 በ12፣ 504። ድምር 47,802።

ከመጀመሪያው ድምር ሁለተኛውን ስንቀንስ ከዜሮ በታች 18,285 ይመጣል። የመቀነስ ምልክቱ አያስደንግጥዎ፤ በሰዓት አቅጣጫ እንደዞርን ይናገራል እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ምልክቱን ትተን ለሁለት ስናካፍለው 9,142.5 ካሬ ሜትር እናገኛለን፤ የማሳው ስፋት ይህ ነው። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ 0.91 ሄክታር ማለት ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚለው ልማድ ሦስት ጥማድ ተኩል አለፍ ይላል፤ ጥማድ ግን አንድ ጥንድ በሬ በቀን ከሚያርሰው የመጣ መለኪያ ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያልና በጽሑፍ ሲሰጡ ካሬ ሜትሩን ያስቀድሙ።

ስሌቱ ለምን እንደሚሠራ ለማየት ረ የተባለው ችካል ላይ ቆመው ሌሎቹን ማዕዘኖች ይመልከቱ። ከእግርዎ እስከ እያንዳንዱ ማዕዘን መስመር ቢሰመር ማሳው በአራት ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል፦ ረሀለ፣ ረለሐ፣ ረሐመ እና ረመሠ። የአንዱ መስመር ሁለት ሰያፍ ብዜቶች ልዩነት ሲገመስ የአንዱ ሦስት ማዕዘን ስፋት ነው፤ ምስጢሩ ይኸው ነው። መቆሚያው ከማሳው ውጭ ሲሆን አንዳንዶቹ ሦስት ማዕዘኖች የሰው መሬት ጭምር ይጠቀልላሉ፤ እነሱን የሚቀንሳቸው ቅድም ያየነው ምልክት ነው።

ይህ ደግሞ ጥሩ ማረጋገጫ ይሰጠናል። ከሁሉም ቁጥር የረን 26 እና 42 ቢቀንሱ ረ ዜሮ፣ ዜሮ ይሆናል፤ ሁለት መስመሮችም ከስሌቱ ይወጣሉ። ቀሪዎቹ አራት ሦስት ማዕዘኖች 4,081፣ 3,539፣ 246.5 እና 1,276 ካሬ ሜትር ናቸው። ሲደመሩ 9,142.5። በሁለት መቆሚያ ተሠርቶ አንድ ዓይነት ውጤት ከመጣ የማባዛት ስህተት የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ስሌት ሌላ ሰው ቢሠራው ደግሞ የተሻለ ነው።

ዙሪያው ለስፋቱ ምስክር ነው

ዙሪያውን ማግኘት ቀላል ነው። ከአንዱ ማዕዘን እስከ ቀጣዩ የምሥራቁን ልዩነትና የሰሜኑን ልዩነት ይውሰዱ፤ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ይደምሩ፤ የድምሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ። ከሀ እስከ ለ የምሥራቁ ልዩነት 81፣ የሰሜኑ 16 ነው፤ 6,561 እና 256 ተደምሮ 6,817፤ ስኩዌር ሩቱ 82.57 ሜትር። በዚሁ መንገድ ለሐ 64.40፣ ሐመ 45.80፣ መሠ 41.44፣ ሠረ 65.12፣ ረሀ 98.99 ሜትር ይሆናሉ። ጠቅላላ ዙሪያው 398.32 ሜትር ነው። ለአጥር ሽቦ ወይም ለችግኝ ተከላ የሚፈለገው ይህ ቁጥር ነው።

ዙሪያ ግን ስፋትን አይተካም። ይህንኑ 398.32 ለአራት አካፍሎ ጎኑን በጎኑ ያባዛ ሰው 9,916 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ከእውነተኛው በ774 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ማሳው እየጎደጎደ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ዙሪያውን በገመድ ለክቶ ብቻ ስፋት መገመት የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

የዙሪያው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። የስፋት ቁጥር ብቻውን ቢታይ ትክክል ይሁን ስህተት አይናገርም። ጸሐፊው ሐንና መን አቀያይሮ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሐ፣ ሠ፣ ረ ብሎ ቢመዘግብ ቀመሩ ያለ ምንም ቅሬታ 8,531 ካሬ ሜትር ይሰጠዋል። መስመሮቹ አይቆራረጡም፤ የማሳው ሥዕልም ለማያውቀው ሰው ማሳ ይመስላል። ግን ከ600 ካሬ ሜትር በላይ ጠፍቷል። ስህተቱን የሚያጋልጠው የጎኖቹ ርዝመት ነው፤ ከለ ቀጥሎ ያለው ጎን 85 ሜትር ከግማሽ ሆኖ ይወጣል፤ በመሬቱ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ግን 64 ሜትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎን በሜትር ወይም በገመድ ለክተው ከተሰላው ጎን አጠገብ ይጻፉ። ሁለት ሦስት ሜትር የሚለያይ ከሆነ የጂፒኤሱ ስህተት ነው። ሃያ ሜትር ከሆነ ግን አንድ ማዕዘን ተዘሏል፣ ተቀያይሯል፣ አለዚያም አኃዝ ተሳስቷል፤ የትኛው ጎን እንደተለያየ አይተው ማዕዘኑን ያገኙታል።

በደጋ አገር ይህን ሲያደርጉ ተዳፋቱን ያስታውሱ። ኮኦርዲኔት የሚሰጠው በአግድም የተለካ ርቀት ነው። በመቶ ሜትር ሃያ ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ መሬት ለመሬት የተጎተተ ገመድ 102 ሜትር ያነባል፤ ስሌቱ 100 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገመዱን አጠር አጠር አድርገው በአግድም ወጥረው ደረጃ በደረጃ ከለኩ ይታረቃሉ። በካርታ ላይ የሚጻፈው ስፋት ምንጊዜም የአግድሙ ነው፤ ገደላማ ማሳ ያለው ሰው ካርታው ያነሰ የሚመስለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

ኮምፒውተር ካለ ምሥራቁን ከ`B2` እስከ `B7`፣ ሰሜኑን ከ`C2` እስከ `C7` ያስገቡና ስምንተኛው መስመር ላይ የመጀመሪያውን ማዕዘን ይድገሙ። የመጀመሪያው ቀመር ስፋቱን፣ ሁለተኛው ዙሪያውን ይሰጣል።

```
=ABS(SUMPRODUCT(B2:B7,C3:C8)-SUMPRODUCT(C2:C7,B3:B8))/2
=SUMPRODUCT(SQRT((B3:B8-B2:B7)^2+(C3:C8-C2:C7)^2))
```

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

9,142.5 የሚለው ቁጥር ከነግማሹ ሲታይ በጣም ያሳምናል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ጥያቄው ችካሉ የተነበበው ምን ያህል በትክክል ነው የሚለው ነው። ተራ የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ዛፍ ሥር ወይም ገደል ጥግ ይብሳል።

አንድ ችካል መሳቱ ስፋቱን ምን ያህል እንደሚያዛባው ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከዚያ ችካል ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ማዕዘኖች መካከል ያለውን ርቀት ያግኙ፤ ችካሉ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ በሳተበት ሜትር አባዝተው ለሁለት ያካፍሉ። በእኛ ማሳ የሀ ጎረቤቶች ረ እና ለ ናቸው፤ መካከላቸው 132 ሜትር ነው። ሀ ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ቢነበብ ስፋቱ በ198 ካሬ ሜትር ይጨምራል። መ ግን ጎረቤቶቹ 75 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ በዚያው ሦስት ሜትር የሚያመጣው ልዩነት 112 ካሬ ሜትር ነው። ስድስቱም ችካሎች ለየብቻቸው በየአቅጣጫው ሦስት ሜትር ያህል ቢስቱ፣ ከፊሉ እየተጣፋ እንኳ፣ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ስህተት መጠበቅ ይገባል፤ ከማሳው አራት በመቶ በላይ ማለት ነው። ይህ ለዘርና ለማዳበሪያ ግምት ይበቃል፤ ለወንድማማቾች ክፍፍል ግን አይበቃም። ማሳው ሩብ ጥማድ ያህል ከሆነ ስልክ ጭራሽ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ጎኖቹንና ሰያፎቹን በሜትር ለክቶ በሦስት ማዕዘን መከፋፈል ይሻላል።

ርቀው የሚታዩትን ጥጎች፣ ማለትም ጎረቤቶቻቸው የሚራራቁትን ማዕዘኖች፣ በሌላ ሰዓት ደግመው ያንብቡ። በእያንዳንዱ ችካል ላይ መሣሪያውን ጥቂት ደቂቃ አቁመው ቁጥሩ ሲረጋጋ ይጻፉ። አማካይ የሚያወጣ መሣሪያ ከሆነ በዚያ ይጠቀሙ። ውጤቱንም ሲጽፉ በመሣሪያው አቅም ልክ ይጻፉት፤ በስልክ የተለካውን ማሳ 9,142.5 ካሬ ሜትር ብሎ ከመጻፍ "0.91 ሄክታር ገደማ፣ በስልክ ጂፒኤስ የተለካ" ማለት ለአንባቢውም ለባለመሬቱም ታማኝ ነው።

እንዲህ የተገኘ ስፋት የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ወሰንንም አይለውጥም። በደብተርና በካርታ መካከል ልዩነት ካገኙ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ወይም ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ "አንሶብኛል" ብለው ብቻ አይሂዱ። የእጅ ንድፉን፣ የማዕዘኖቹን ኮኦርዲኔት ከነካርታ መነሻው ስም፣ በሁለት መቆሚያ የተሠራውን ስሌት፣ በገመድ የተለኩትን ጎኖች ከተሰሉት ጋር ጎን ለጎን ጽፈው ይያዙ። ያኔ ባለሙያው የትኛው ችካል ላይ ተመልሶ መቆም እንዳለበት ከወረቀቱ ያነባል።